ቀጣዩ ጥያቄ የሚወጣው ከራሳችሁ አፍ ነው



የኦራል ሰሞን ሲደርስ ዶርማችን ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ያነበንባል። ሌላው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ከሲኒየር የወረሰውን፣ በደቃቅ ፊደል የተጠቀጠቀ ሾርት ኖት ፊቱ ላይ ዘርግቷል። ሦስተኛው ደግሞ ሃንድአውቱን ራሱ አሳጥሮ፣ ያሳጠረውን እንደገና አሳጥሮ፣ ስድስት ምዕራፍ በአንድ ወረቀት ላይ ጨርሶ ፎቶ እያነሳ ለጓደኞቹ ይልካል። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። ማጠቃለያ በመሥራት የሚያህለኝ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን የምጽፈው ማጠቃለያ አትሥሩ ለማለት አይደለም። ማጠቃለያው ለዓይን እንጂ ለአፍ የተሠራ እንዳልሆነ፣ በእሱ ብቻ ወደ ኦራል የሚገባ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ስለማምን ነው። ይህን ያመንኩትም ወድቄ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሲ ዋን ሆኜ የውስጥ ደዌ አታችመንት መጨረሻ ላይ ነው። ጠረጴዛው ወዲያ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እዚህ ግን በአማርኛ ልመልሰው። አንደኛው መምህር እንዲህ አሉኝ፦ «የ19 ዓመት ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ታማሚ ስትሆን ሦስት ቀን አቋርጣለች። ታስመልሳለች፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ የደም ግፊቷ 90 በ60፣ ስኳሯ 480፣ ሽንቷ ላይ ኬቶን ሦስት ፕላስ። ምን ታደርግላታለህ?»

ደስ አለኝ። ዲኬኤ ነው። ማጠቃለያዬ ላይ ገጽ ሁለት፣ በቢጫ የቀለምኩት። ጀመርኩ፦ «ዳያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ አጣዳፊ የስኳር በሽታ ውስብስብ ችግር ሲሆን፣ በሦስት ነገሮች ይገለጻል...»

«ትርጉሙን አልጠየቅኩህም። ምን ታደርግላታለህ?»

«ፈሳሽ፣ ኢንሱሊን፣ ፖታሲየም፣ ከዚያ መነሻውን ማከም።» ማጠቃለያዬ ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር የተጻፈው።

«ፖታሲየሟ ስንት እንደሆነ ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅኩም፣ ዶክተር።»

«5.4 ነው። ትሰጣታለህ?»

«አዎ።»

«5.4 ላይ?»

«አይ... አልሰጥም።»

«ታዲያ ለምን እሰጣለሁ አልክ?»

እዚህ ላይ ቆመ ነገሩ። ሁለተኛው መምህር ሊረዱኝ ብለው ሌላ ነገር ጠየቁኝ፣ እሱንም በቅጡ አልመለስኩም፤ ጭንቅላቴ ፖታሲየሙ ላይ ቀርቷል። ውጤቱ ድጋሚ ፈተና ሆነ። መምህሩ ግን አላጠመዱኝም። ካልኩት ሌላ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «ፖታሲየም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከኢንሱሊን ቀጥሎ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ኦራል ፈታኝ ሃምሳ ጥያቄ ጽፎ አይመጣም፤ አንድ ወይም ሁለት ይዞ ይመጣና ቀሪውን ከምትናገሩት ይወስዳል። ለዚህ ነው ተከታይ ጥያቄን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል የምለው። የሚወጣው ከራሳችሁ መልስ ነውና።

ማጠቃለያ ስንሠራ ምን እንደምንጥል ቆም ብላችሁ እዩት። ስሞቹን እናስቀራለን፣ ቁጥሮቹን እናስቀራለን፣ በመካከላቸው ቀስት እናደርጋለን። የሚጣለው «ምክንያቱም» ነው፣ «ከዚህ በፊት» ነው፣ «ካልሆነ ግን» ነው። ኢንሱሊን ቀነሰ፣ ቀስት፣ ኬቶን ጨመረ። ዓይናችን ቀስቱን ሲያይ ገባኝ ይላል። አፍ ግን ቀስት መናገር አይችልም። ፈታኙ የሚጠይቀው ደግሞ ያንኑ ቀስት ነው። እኔ የወደቅኩበትን ብትመለከቱ፣ አራቱም ቃላት ትክክል ነበሩ። የጠፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ቅደም ተከተል ነው። ሕመምተኛዋን የሚገድለው ወይም የሚያድነው ደግሞ እሱ ነው።

ለድጋሚ ፈተናው ስዘጋጅ መጽሐፉን ከፍቼ ሌላ ማጠቃለያ አልሠራሁም። ያንኑ ጥያቄ ወስጄ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ መልስ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው አንድ ደቂቃ መቶ ሃያ ቃል አካባቢ ነው፤ በእጅ ሲጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጥያቄው መልስ ራሱ እንዲሆን አደረግኩ። «ምን ታደርጋለህ» ሲባል በግስ መጀመር አለበት፣ በትርጉም አይደለም። እንዲህ ሆነ፦

«መጀመሪያ ፈሳሽ እጀምርላታለሁ፣ በዚያው ደም ወስጄ ፖታሲየሟን አያለሁ፤ ዝቅ ያለ አለመሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ኢንሱሊን እጀምራለሁ። ሃምሳ ኪሎ ብትመዝን በመጀመሪያው ሰዓት ከ750 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን እሰጣለሁ። ኢንሱሊኑ በኪሎ 0.1 ዩኒት በሰዓት ነው፣ ለእሷ በሰዓት 5 ዩኒት። ስኳሯን በየሰዓቱ፣ ፖታሲየሟን በየሁለት ሰዓቱ እከታተላለሁ። ፖታሲየሟ ወደ መደበኛው ሲወርድ በየሊትሩ ፈሳሽ ላይ እጨምርላታለሁ። ጎን ለጎን ለምን እዚህ እንደደረሰች እፈልጋለሁ፤ ኢንሱሊን ማቋረጧን ነግራናለች፣ ኢንፌክሽን መኖሩን ግን ማየት አለብኝ።»

ይህን በሰዓት ለካሁት፣ ከደቂቃ አላለፈም። ከዚያ ነው ዋናው ሥራ የመጣው። እስክሪብቶ ያዝኩና ከራሴ መልስ ውስጥ ጥያቄ ሊወጣበት የሚችለውን ቃል ሁሉ አሰመርኩበት። ፖታሲየም። ዝቅ ያለ። 0.1። በየሁለት ሰዓቱ። ኢንፌክሽን። ለእያንዳንዱ ቃል በአብዛኛው የሚመጡት ጥያቄዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ «ለምን?»፣ «ስንት ሲሆን?» እና «ባይኖርስ?»። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። እኛ አገር ዎርድ ውስጥ የሠራ መምህር ግን አይረሳውም።

ፖታሲየምን ብቻ ይዘን እንሂድ፤ ቢያንስ እኔን የጣለኝ እሱ ነው።

«ለምን?» ማለት እዚህ ጋ እንዲህ ነው፤ ላቦራቶሪው 5.4 እያለ፣ ማለትም ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ሳለ፣ ለምን ፖታሲየም ይጎድላታል ትላለህ? መልሱ ላቦራቶሪው የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። የሰውነታችን ፖታሲየም አብዛኛው ያለው ሴል ውስጥ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋና ደሙ በስኳር ሲወፍር ፖታሲየም ከሴል ወደ ደም ይወጣል፣ አሲዱም የራሱን ያግዛል። ከደም ደግሞ በስኳሩ ምክንያት ከሚበዛው ሽንት ጋር ይፈስሳል፤ ማስመለሱም ይጨመርበታል። ስለዚህ ጓዳው ባዶ ሆኖ ሳሎኑ የሞላ ይመስላል። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ጠቅላላ ጉድለቱ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊሞል ይገመታል፤ ለሃምሳ ኪሎ ልጅ ከ150 እስከ 250 ሚሊሞል ማለት ነው። ኢንሱሊን ስትሰጧት ፖታሲየሙ ተመልሶ ወደ ሴል ይገባል፣ የደሙ ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ያሽቆለቁላል፣ ልብ ምቷ ይዛባል። ለዚህ ነው ከኢንሱሊን በፊት የሚታየው። ማጠቃለያዬ ላይ የነበረው ቀስት ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀብሮ ነበር።

«ስንት ሲሆን?» ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሲኒየሮች የወረስነው ማጠቃለያ ላይ 3.3 የሚል ቁጥር አለ፤ ፖታሲየም ከ3.3 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑን አቆይና መጀመሪያ ፖታሲየም ስጥ፣ ከ3.3 እስከ 5.2 ከሆነ በየሊትሩ ከ20 እስከ 30 ሚሊሞል ጨምር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለጊዜው አትስጥ ግን በየሁለት ሰዓቱ እይ። ይህ በ2009 ከወጣው የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያ የመጣ ነው። በ2024 የወጣው የጋራ ስምምነት ሰነድ ግን ታችኛውን ወሰን ወደ 3.5፣ ላይኛውን ወደ 5.0 አምጥቶታል። ሁለቱም ትልቅ ልዩነት የላቸውም፣ ፈታኙም ለ0.2 ብሎ አይጥላችሁም። ግን «3.3 ከየት አመጣኸው?» ሲባል «ማጠቃለያው ላይ አለ» የሚል መልስ አይሆንም። እኔ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ምንጩንና ዓመቱን በሁለት ቃል መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ከባች ወደ ባች እየተቀባበልን የምናወርሳቸው ወረቀቶች ትልቁ ጉዳታቸው ስሕተት መያዛቸው ሳይሆን ዕድሜያቸውን አለመናገራቸው ይመስለኛል።

የእኔዋ ሕመምተኛ 5.4 ነበረች። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «አሁን አልሰጣትም፣ ግን ኢንሱሊኑን እጀምራለሁ፤ ሽንት መሽናቷን አይቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ ወደ አራት አካባቢ ከወረደች በፈሳሹ ላይ እጨምራለሁ» ነበር። ያኔ አዎም አይም ያልኩት፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ስለነበሩ ነው። 2.9 ብትሆንስ? ኢንሱሊኑ ይቆያል፤ ፈሳሹና ፖታሲየሙ ይቀድማል። ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀኝ ለራሴ ጽፌዋለሁ፤ ቁጥር በጠራችሁ ቁጥር ፈታኙ ቁጥሩን ወደ ታችም ወደ ላይም ሊገፋው ይችላልና።

«ባይኖርስ?» የመጨረሻው ነው። ላቦራቶሪው ማታ ላይ ፖታሲየም አይሠራም እንበል። ያኔ ኢሲጂ ይነሳል። ቲ ዌቩ ረጅምና ሾጣጣ ከሆነ ፖታሲየሙ ከፍ ማለቱን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ከኋላው ዩ ዌቭ ከታየ ዝቅ ማለቱን ይጠቁማል። ግን «ኢሲጂ አነሳለሁ» ብሎ ማቆም ሌላ በር ይከፍታል፤ ኢሲጂው ንጹሕ ቢሆን ፖታሲየሟ ደህና ነው ማለት ነው? አይደለም። ፖታሲየም ተዛብቶም ኢሲጂ ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ምልክት ሲያሳይ ይጠቅመናል፣ ሳያሳይ ግን አያረጋጋንም። እንዲህ ብሎ ወሰኑን አስቀድሞ የተናገረ ተማሪ ከፈታኙ አንድ ጥያቄ ቀነሰ ማለት ነው።

የት ላይ እንደሚቆም ትጠይቁኝ ይሆናል፤ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፣ ያም ሌላ። የኔ ልምድ ሁለት ደረጃ ወርዶ ማቆም ነው። ዋናው መልስ፣ ከእሱ የሚወጣው ጥያቄ፣ ከዚያ መልስ የሚወጣው አንድ ጥያቄ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ፈታኙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል፣ ወይም ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ተከታዩ መልስም ከዋናው ማጠር አለበት፤ ሃያ ሰከንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር። ስለ ሴልና ደም ከላይ የጻፍኩትን ረጅም ነገር አፍ ላይ ስታመጡት እንዲህ ይሆናል፦ «የደሙ ቁጥር ከፍ ያለው ኢንሱሊን ስለሌለ ፖታሲየሙ ከሴል ስለወጣ ነው። ጠቅላላው ግን በሽንት ፈስሷል። ኢንሱሊን ስሰጥ ተመልሶ ስለሚገባ ቁጥሩ ይወርዳል።» ሌላውን ከጠየቋችሁ ብቻ።

አሁን ስለ ልምምዱ። የክፍል ጓደኛዬ ለዚህ እንደማይሆን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አብረን ተምረናል፣ አንድ ማጠቃለያ አንብበናል፣ ስለዚህ እኔ የዘለልኩትን እሱም ሳያውቀው ይዘልልኛል። ቀስቱን ሁለታችንም እናየዋለን። የጠቀመኝ የዶርም ጓደኛዬ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው። አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት ስንመለስ መልሴን በአማርኛ ነገርኩትና «ካልኩት ነገር ብቻ ጠይቀኝ» አልኩት።

«ኢንሱሊን ለስኳር ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስኳሩ ሲወርድ ታዲያ ታቆመዋለህ።»

ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ ሕክምና የሚማር ጓደኛዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ በድጋሚ ፈተናው ላይ ግን ቃል በቃል መጣ። መልሱ ቀላል ነው፣ ቶሎ የሚመጣ ግን አይደለም። ስኳሩ ከአሲዱ ቀድሞ ይወርዳል። የኢንሱሊኑ ዋና ሥራ ጉበት ኬቶን መሥራቱን እንዲያቆም ማድረግ ነውና ስኳሩ 210 ስለሆነ ብቻ ብናቆመው ኬቶኑ ይመለሳል። ስለዚህ ኢንሱሊኑን መጠኑን ቀንሰን እንቀጥላለን፣ ስኳሩ ከሚገባው በታች እንዳይወርድ ደግሞ ፈሳሹ ላይ ዴክስትሮስ እንጨምራለን። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ «ስኳር በሽተኛን ስኳር ትሰጣታላችሁ?» አለ። ይኸው ሌላ ተከታይ ጥያቄ። ጻፍኩት።

ከዚያ ጀምሮ ደንባችን አንድ ነበር፤ ጠያቂው ወረቀት አይይዝም፣ ከሰማው ቃል ውጪ አይጠይቅም። ከሌላ ዲፓርትመንት የሆነ ሰው ሁሉንም ነገር አይደርስበትም፣ ይህ እውነት ነው። መልሳችሁ ትክክል መሆኑን ሊነግራችሁ አይችልም፤ ያንን ከመጽሐፉ ራሳችሁ ማረም አለባችሁ። የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ የዘለላችሁትን መስማት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። በአማርኛ የገባንን ነገር በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንናገረው ፈታኙ ፊት ከሆነ፣ ቃሉን ስንፈልግ ሐሳቡ ያመልጠናል። በዚህ የሚያፍር አለ፣ አውቃለሁ። እኔም አፍር ነበር።

ስልካችሁ ላይ ድምፃችሁን ቅዱ። መልሱ አለመብሰሉን የምታውቁባቸው ምልክቶች ከራሳችሁ ጆሮ ይሰማሉ። «እና እንደዚህ ዓይነት ነገሮች» ያላችሁበት ቦታ ላይ የማታውቁት ነገር አለ። ተከታይ ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያውን መልስ በሌላ ቃል ከደገማችሁት «ለምን» አልገባችሁም። ሁለት ደቂቃ ከሄዳችሁ ደግሞ ማጠቃለያውን እያነበባችሁ ነው፣ ከወረቀት ባይሆንም ከትዝታ።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም የተከራከረኝን ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ይመስለኛልና። «ይህ ፈታኙን ወደምታውቀው መምራት አይደለም ወይ? ማታለል ነው» አለኝ። እውነት አለው፣ ግን እስከ ተወሰነ ድረስ። መልሴን ስጽፍ «አናየን ጋፕ አሰላለሁ» የሚል ነበረበት። ከሶዲየሙ ላይ ክሎራይዱንና ባይካርቦኔቱን መቀነስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሶዲየም 132፣ ክሎራይድ 95፣ ባይካርቦኔት 10 ቢሆን 27 ይወጣል። ግን ለምን እንደሚሰፋ መናገር አልቻልኩም ነበር። ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ቃሉን ማውጣት ወይም መማር። በመጀመሪያው ቀን አወጣሁት፣ በሦስተኛው ቀን ተምሬ መለስኩት። ኬቶኖቹ አሲድ ናቸው፤ ባይካርቦኔቱን ይበሉታል፣ የሚተኩት እነሱ ግን በስሌቱ ውስጥ ስለማይቆጠሩ ክፍተቱ ይሰፋል። የማታውቁትን ቃል ከአፋችሁ ማስወጣት ማታለል አይመስለኝም። እኔ እንደውም ማታለል የምለው የመጀመሪያ ፈተናዬን ነው፤ የማላውቀውን «ፖታሲየም» እንደማውቅ አድርጌ ጠራሁት። ፈታኙ ራሱ አናየን ጋፕን ካነሳው ደግሞ የወጣው ቃል አያድናችሁም፣ እና ማዳንም የለበትም።

ያንን ሁሉ አድርጋችሁም የማታውቁት ይመጣል። ያኔ «አላውቅም» ብቻ ብሎ መዝጋትም፣ ግምትን እንደ እውቀት ማቅረብም አይጠቅምም። እኔ ድጋሚ ፈተናው ላይ ስለ ሽንት ኬቶን ተጠይቄ ነበር፤ «ልጅቷ እየተሻላት የሽንት ኬቶኗ ባይቀንስ ሕክምናህ ወድቋል ማለት ነው?» አሉኝ። ምክንያቱን አላውቀውም ነበር። «ምክንያቱን አላውቅም፤ ግን ትንፋሿ ከረጋ፣ ባይካርቦኔቷ ከጨመረና አናየን ጋፑ ከጠበበ በሽንት ምርመራው ብቻ ሕክምናውን አልቀይርም» አልኩ። መምህሩ ራሳቸው ነገሩኝ፦ የሽንት ወረቀቱ የሚያየው አሴቶአሴቴትን ነው፣ በዲኬኤ የሚበዛውን ቤታ ሃይድሮክሲ ቢዩቲሬትን አያይም። ሲሻላት ይኸኛው ወደዚያኛው ስለሚቀየር፣ ወረቀቱ ለጊዜው እንዳልቀነሰ እንዲያውም እንደጨመረ ሊያሳይ ይችላል። በዚያ ጥያቄ ውጤት የቀነሱብኝ አይመስለኝም።

ሁሉንም ርዕስ እንዲህ ማዘጋጀት አይቻልም። አንድ ጥያቄ ከተከታዮቹ ጋር አርባ ደቂቃ ያህል ይወስድብኝ ነበር፣ ልምምዱን ሳይጨምር። በቀን ሦስት ብትሠሩ በአሥር ቀን ሠላሳ ነው፤ ያም ከትምህርት ጋር ከባድ ነው። እኔ አሥራ አምስት ርዕስ መረጥኩ፣ በዎርዱ በየሳምንቱ የሚተኙትን። ሲኒየሮች የሚሰበስቡት የቀደሙ ጥያቄዎች ዝርዝር ለዚህ ምርጫ ይጠቅማል፤ ዋናውን ጥያቄ ያሳያችኋል። ከዚያ በታች ያለውን ግን ሊያሳያችሁ አይችልም፣ ምክንያቱም ያ ጥያቄ የተጠየቀው ሌላ ተማሪ ሌላ ቃል ስለተናገረ ነው። ሕመምተኛ መርምሮ ማሳየትን ወይም ኤክስሬይ ማንበብንም ይህ ዘዴ አይተካውም፤ እነሱ እጅና ዓይን ይፈልጋሉ። ጽሑፋቸውን ለሚከላከሉ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶች ግን ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ የምሕንድስናው ጓደኛዬ የመመረቂያ ሥራውን ሲያቀርብ እኔ ጠያቂ ሆኜለት ነበር፤ «ይህን የኮንክሪት ጥንካሬ ለምን መረጥክ?» ከሚለው ጥያቄዬ በላይ ያስጨነቀው አልነበረም። ከኮንክሪት አንድ ነገር አላውቅም።

የዚህ ዓመት ሲ ዋኖች ኦራላቸው ከመድረሱ በፊት በዚህ ሳምንት ከዒሻ በኋላ የምንሰበሰብ ጥቂት ልጆች አለን፣ ከሕክምናም ከሌላውም። እህቶች በራሳቸው ቦታ በዚያው ሰዓት ይሠራሉ። የምትመጡ ካላችሁ አንድ ጥያቄና በእጅ የተጻፈ ግማሽ ገጽ መልስ ይዛችሁ ኑ። ማጠቃለያውን ዶርም ተዉት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉት፣ ድምፅ እንቀዳለን።